ተራኪዋ ስለ ሥር ታወራለች፣ ምስሉ ተራራ ያሳያል፦ የባለሁለት አምድ ስክሪፕት ችግርና መፍትሄ

ይህ ገላጭ ቪዲዮ ለምትሠሩ ነው። ድራማ ማለቴ አይደለም። አንድን ጉዳይ በተራኪ ድምጽና በምስል የሚያስረዳ፣ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ማለቴ ነው። ምሳሌዬ ጎጃም ውስጥ ገበሬም ሙያተኛም የሚያውቀው ጉዳይ ነው፦ አሲዳማ አፈርና ኖራ። ከታች ያሉት ምልክቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት ኤዲቲንግ ላይ ነው። ምክንያታቸው ግን ወረቀቱ ላይ ነው ያለው።

ምልክት፦ ትረካው ገና ሳያልቅ ምስሉ አለቀ

ቡድኑ ጎጃም፣ ማቻከል ወረዳ ቀርጾ ባሕር ዳር ተመልሷል። ኤዲተሩ የተራኪዋን ድምጽ ዘርግቶ ምስል መደርደር ይጀምራል። ስለ አልሙኒየም የሚወራበት ቦታ ሲደርስ ይቆምና ይደውላል፦ «እዚህ ጋ ምን ላስቀምጥ?» የሚቀመጥ ነገር የለም። ያለው ከሩቅ የተነሳ ማሳ ነው። እሱኑ ይደጋግማል፤ ወይ የጮቄን ተራራ በድሮን ይለጥፍበታል። ተመልካቹ ስለ ሥር እየሰማ ተራራ ያያል።

ምክንያቱ የካሜራማኑ ስንፍና አይደለም። ስክሪፕቱ የተጻፈው እንደ ፊልም ነው። በፊልም አጻጻፍ ከላይ «ውጭ፣ የስንዴ ማሳ፣ ቀን» ተብሎ ቦታው ይጻፋል። ከሥሩ ድርጊቱ ይመጣል። ከዚያ መሃል ላይ የተናጋሪው ስምና ንግግሩ ይከተላል። ለድራማ ይህ ልክ ነው። ተዋናዩ ሲናገር የሚታየው ራሱ ተዋናዩ ስለሆነ፣ ንግግሩ ምስሉን ይዞት ይመጣል።

ገላጭ ቪዲዮ ላይ ግን ተራኪዋ አትታይም። የምትናገረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ምስል ይፈልጋል። በፊልም አጻጻፍ አንድ የቦታ ርዕስ ይቀመጥና ከሥሩ አሥራ ምናምን መስመር ትረካ ይወርዳል። ገጹ ሙሉ ስለሆነ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ምስሉና ድምጹ ከላይና ከታች ስለተጻፉ፣ የትኛው ቃል ሲነገር የትኛው ምስል እንደሚታይ ወረቀቱ አይናገርም። ጎዶሎው ተደብቋል።

መፍትሄው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በግራ የሚታየው፣ በቀኝ የሚሰማው። የማስታወቂያና የቴሌቪዥን ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች ይህን ያውቁታል። እኔ በግራ ጠርዝ ጠባብ የሰከንድ አምድ እጨምራለሁ። የአፈሩ ቪዲዮ መጀመሪያ እንዲህ ይሆናል፦

| ሰከንድ | ምስል | ድምጽ |
|---|---|---|
| 0–6 | ከሩቅ፦ የስንዴ ማሳ። ቡቃያው አጭር፣ ቢጫ። | ተራኪ፦ ማዳበሪያው ተጨምሯል። ዝናቡም በጊዜው ጥሏል። ስንዴው ግን አላደገም። |
| 6–14 | በጣም ቅርብ፦ እጅ ቡቃያ ይነቅላል። ሥሩ አጭርና ወፍራም። | የቦታው ድምጽ፦ ሥር ሲነቀል። ተራኪ፦ ችግሩ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሥሩ ወደ ታች መውረድ አቅቶታል። |
| 14–24 | ግራፊክስ፦ አፈር በቁመቱ ተቆርጦ። ቀይ ነጥቦች ከአፈሩ ተላቀው የሥሩን ጫፍ ይከብባሉ። | ተራኪ፦ አፈሩ አሲዳማ ሲሆን በውስጡ ያለው አልሙኒየም ይሟሟል። የሟሟው አልሙኒየም የሥሩን ጫፍ ይጎዳል። ፎስፈረሱንም አስሮ ይይዘዋል። |
| 24–31 | መካከለኛ፦ ገበሬ ኖራ ይበትናል። ጽሑፍ፦ «ከመዝራት በፊት» | ተራኪ፦ ኖራ ግን አሲዱን ያበርዳል። ከመዝራት በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። |

ሦስተኛውን ረድፍ ተመልከቱ። በፊልም አጻጻፍ ያ ትረካ «የስንዴ ማሳ» በሚለው ርዕስ ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር። እዚህ ግን ግራፊክሱ እስኪጻፍ ድረስ የምስሉ ሳጥን ባዶ ሆኖ ያፈጥባችኋል። የሟሟ አልሙኒየም በካሜራ እንደማይቀረጽ የምታውቁት ከመንገድ በፊት ነው። ስለዚህ ግራፊክስ ሠሪው ቡድኑ ገና ሳይንቀሳቀስ ሥራውን ይጀምራል። ፕሮዲውሰሮች ይህን አጻጻፍ የሚመርጡበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ባዶ ሳጥን ያልታሰበበት ወጪ ነው፤ ወጪው ደግሞ አስቀድሞ ይታያል።

የምስሉን አምድ ብቻ ነጥላችሁ በቦታና በወቅት ደርድሩት። ለጎጃም ሥራ ይህ የግድ ነው። ኖራ የሚበተነው ከመዝራት በፊት ነው፤ ዋናው ዝናብ ሳይጠነክር። የጫጨው ቡቃያ ደግሞ የሚታየው ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ሁለተኛውና አራተኛው ረድፍ በአንድ ጉዞ አይቀረጹም። ይህን ኤዲቲንግ ላይ የደረሰበት ሰው ወይ ዓመት ይጠብቃል፣ ወይ ገበሬውን በነሐሴ ማሳ ላይ ኖራ ያስበትናል። ሁለተኛውን ያደረገ ሰው የማቻከል ገበሬ ይስቅበታል።

ምልክት፦ ሁለት አምድ አለ፣ ግን ምስሉና ድምጹ አይገጥሙም

ስክሪፕቱ ሲላክ ልክ ነበር። አንድ ሰው ትረካው ላይ ሁለት መስመር ጨመረ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተንሸራተተ። የኖራው ትረካ ከአልሙኒየሙ ግራፊክስ ጎን ተቀመጠ።

ምክንያቱ አምዶቹ የተሠሩት በታብ ወይም በባዶ ቦታ ነው። አለዚያም ዎርድ ላይ Layout ውስጥ ያለው Columns ተመርጧል። እሱ ለጋዜጣ ነው። ጽሑፉ ግራውን ሞልቶ ሲያልቅ ወደ ቀኝ ይፈስሳል፤ የግራው መስመር ከቀኙ ጋር አይታሰርም።

ከInsert ገብታችሁ Table ምረጡ። ረድፉን የሚያስረው ሰንጠረዥ ብቻ ነው። ከዚያ ሙሉውን ሰንጠረዥ መርጣችሁ Table Properties ውስጥ Row የሚለውን ክፈቱና Allow row to break across pages የሚለውን ምልክት አጥፉት። አንድ ረድፍ ግማሹ እዚህ ገጽ፣ ግማሹ እዚያ አይሆንም። የላይኛውን ረድፍ ደግሞ Repeat Header Rows አድርጉት።

ሰንጠረዥ ሆኖም የማይገጥም ከሆነ ረድፎቹ በዝተው ወይም አንሰው ነው። አዲስ ረድፍ የሚጀመረው ምስሉ ሲቀየር ነው። አንድ ረድፍ ውስጥ ሦስት ምስል ካጨቃችሁ ወደ ፊልም አጻጻፉ ተመለሳችሁ። እዚህ ላይ የአማርኛ ጣጣ አለ። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «የሟሟው አልሙኒየም የሥሩን ጫፍ» ብላችሁ ረድፉን ቆርጣችሁ «ይጎዳል»ን ወደሚቀጥለው ምስል ብታሻግሩ፣ ምን እንደሆነ ሳይነገር ምስሉ ያልፋል። ዓረፍተ ነገሩ ረዘመ ብላችሁ ከምትቆርጡት፣ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ምልክት፦ ሁለት ደቂቃ የተባለው ቪዲዮ ሦስት ደቂቃ ሆነ

ጸሐፊው «ሁለት ገጽ ነው» ብሎ ነበር። አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ የሚለው ልማድ ከፊልም የመጣ ነው። እዚያም ቢሆን ግምት ነው። የቆመውም በእንግሊዝኛ፣ Courier በሚባለው ፊደል፣ መጠኑ 12 ሆኖ ነው። Courier የግዕዝ ፊደል የለውም። አማርኛ ስትጽፉበት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ Nyala ወይም ሌላ ፊደል ይተካል። ስፋቱም የመስመሩ ብዛትም ይለወጣል። በሰንጠረዥ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም። ጠባብ ሳጥን ውስጥ አምስት ቃል ሦስት መስመር ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ ገጽ አትቁጠሩ። ተራኪዋ ራሷ ከስክሪፕቱ አንድ ደቂቃ ድምጿን አውጥታ ታንብብ። በሆዷ ካነበበች አይሆንም፤ በጣም ትፈጥናለች። የደረሰችበትን ቃል ቁጠሩ። 100 ቃል ከሆነ፣ ሦስተኛው ረድፍ 15 ቃል ነውና 9 ሰከንድ ይፈጃል። ለትንፋሽና ግራፊክሱን ለማየት ሲጨመርበት 10 ሰከንድ ሆነ። ሁለተኛው ረድፍ 10 ቃል ብቻ ይዞ 8 ሰከንድ የወሰደው፣ ሥሩ ሲነቀል የሚሰማው ድምጽ ያለ ትረካ ቦታ ስለተሰጠው ነው። ተራኪዋ ከተቀየረች ቁጥሩም ይቀየራል። በእንግሊዝኛ ድረ ገጽ ያገኛችሁትን የደቂቃ ቃል ብዛት አትዋሱ፤ የአማርኛ አንድ ቃል ብዙ ጊዜ የእነሱን ከአንድ በላይ ቃል ይሸከማል።

ሰከንዱ ሲደመር ከበለጠ፣ የሚቆረጠው የትኛው እንደሆነ ሰንጠረዡ ያሳያችኋል። ምስሉ ብቻውን የሚናገረውን ትረካ አውጡ። ገበሬው ሲበትን እየታየ «ገበሬው ይበትናል» ማለት የሰከንድ ብክነት ነው።

ምልክት፦ የአፈር ሙያተኛው «እሺ» ብሎ፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ተቃወመ

ይህ አጭር ነው። ሙያተኛው ያነበበው ትረካውን ነው። ስህተቱ የነበረው ስክሪኑ ላይ በወጣው ጽሑፍ ነው፤ ለምሳሌ ተራኪዋ «ከመዝራት በፊት» ስትል ጽሑፉ «በዘር ወቅት» ይላል። ስክሪን ላይ የሚወጣ እያንዳንዱ ቃል፣ ፒኤች 5.5 የሚል ቁጥርም ቢሆን፣ በምስሉ አምድ «ጽሑፍ፦» ተብሎ ቃል በቃል ይግባ። «እዚህ ጽሑፍ ይወጣል» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ሙያተኛው ረድፉን በአግድም ያንብብ፣ ከዚያ ይፈርም።

ምልክት፦ የሁለት ገበሬዎች ጨዋታ ሰንጠረዡ ውስጥ ታፈነ

ቪዲዮው መሃል አጭር ድራማ አለ እንበል። አንዱ ገበሬ እህሉን ትቶ፣ እንደ አዊ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ መሬቱ ላይ ሊተክል ነው፣ ጎረቤቱ ይከራከረዋል። ይህን በሁለት አምድ ከጻፋችሁ ቀኙ በንግግር ይሞላል፣ ግራው «ሁለቱ ይነጋገራሉ» እያለ ይደጋገማል። ተዋናዮቹም የንግግሩን ስሜት ከተቆራረጠ ሳጥን ለቅመው ማጥናት ይቸገራሉ።

እዚህ ላይ የፊልም አጻጻፉ ያሸንፋል፤ አትሟገቱት። ድራማውን ለብቻው በፊልም አጻጻፍ ጻፉና ለተዋናዮቹ ስጡ። በሰንጠረዡ ግን ቦታውን አትዝለሉ። አንድ ረድፍ ክፈቱ፤ በግራ «ድራማ፣ አባሪ 1»፣ በቀኝ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ንግግር፣ በሰከንዱ አምድ ደግሞ ተዋናዮቹ በልምምድ የወሰደባቸውን ጊዜ ጻፉ። ኤዲተሩ የት እንደሚገባና የት እንደሚወጣ ለማወቅ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።