ፊት ሲቀላ አመድ፣ ሲጠቁር ሸክላ ለምን ይመስላል?

ባለፈው የሠርግ ወቅት አንዲት እናት የልጃቸውን ፎቶ ይዘው ጅማ ሂርማታ ወዳለው የፎቶ ሥራ ቦታዬ ተመለሱ። «ወንድሜ፣ ቀላ አድርጋት አልኩህ እንጂ አመድ ንፋባት አላልኩህም» አሉኝ። ፎቶውን ተቀብዬ መስኮት አጠገብ ሄጄ አየሁት። እውነታቸውን ነበር።

ሙሽራዋ ጠይም ናት። ፎቶው የተነሣው ግቢ ውስጥ በተወጠረ ሰማያዊ ሸራ ሥር ነው። የጅማ ዝናብ አይታመንምና ድግስ ሲኖር ሸራ የማይወጥር የለም። ፊቷ ጨለም ብሎ ስለወጣ አበራሁት፣ አለቀ። ያበራሁት ግን የእሷን መልክ ብቻ አልነበረም። ሸራውንም አብሬ አብርቼዋለሁ። ይህ ስህተት ብዙ ጊዜ ስለሚደገም ከምልክቱ ተነሥቼ ወደ መፍትሄው ልሂድ።

ምልክት፦ ፊቱ በርቷል፣ ግን ዱቄት የተነፋበት ይመስላል

ፎቶሾፕ ውስጥ እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቁጥር አለው፤ የቀይ፣ የአረንጓዴ እና የሰማያዊ። ሁሉም ከ0 እስከ 255 ናቸው። `Info` የሚለውን መስኮት ከፍታችሁ ማውሱን ጉንጭ ላይ ብታስቀምጡ ታዩዋቸዋላችሁ። ሰውየው ቀይ ዳማም ይሁን ጠይም ወይም ጥቁር፣ ብርሃኑ ንጹህ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ቀዩ ትልቁ፣ አረንጓዴው መሐል፣ ሰማያዊው ትንሹ ይሆናል።

የሙሽራዋ ጉንጭ 96፣ 78፣ 78 ነበር። አረንጓዴውና ሰማያዊው እኩል ናቸው። ይህ የሰው ቆዳ ቁጥር አይደለም። ሰማያዊው ከቦታው ከፍ ያለው በሸራው ምክንያት ነው።

እኔ ደግሞ ሦስቱም ላይ 40 ያህል ጨመርኩ። 136፣ 118፣ 118 ሆነ። ልዩነታቸው ያው 18 ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ስላደጉ 18 ትንሽ ሆነ። መጀመሪያ ሰማያዊው ከቀዩ ጋር ሲነጻጸር 81 በመቶ ነበር፤ አሁን 87 በመቶ ደረሰ። ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርስ በተቀራረቡ ቁጥር ቀለሙ ወደ ግራጫ ይሄዳል። እናትየዋ አመድ ያሉት ይህንን ነው።

ነገሩን በቡና ልየው። ቡና ላይ ወተት ብትጨምሩ ይነጣል፤ ግን ቡናው ቡና መሆኑ ይቀራል። ብርጭቆውን ይዛችሁ ወደ መስኮት ብትጠጉስ? ያኔም ፈካ ይላል፣ ቀለሙ ግን የቡና ቀለም ነው። ነጭ ብሩሽ በስሱ መቀባት ወይም ሦስቱም ላይ እኩል ቁጥር መጨመር ወተቱ ነው። እኛ የምንፈልገው ወደ መስኮት መጠጋቱን ነው። በቁጥር ሲነገር፣ መደመር ሳይሆን ማባዛት ነው። የቆዳ ቀለም የተደበቀው በሦስቱ ቁጥሮች ጥምርታ ውስጥ ነውና።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሸራውን አውጡ፣ ከዚያ አብሩ

ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይሠራም። ባዕድ ቀለም፣ እኛ ከለር ካስት የምንለው፣ ሳይወጣ ፊት ማብራት ካስቱንም ማብራት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ይብሳል። ጥቁር ቆዳ ራሱ የሚመልሰው ብርሃን ጥቂት ስለሆነ፣ ከላይ የሚያርፍበት የሸራ ወይም የሰማይ ነጸብራቅ ድርሻው ትልቅ ይሆናል።

ስለዚህ ከፊቷ ጋር በአንድ ብርሃን ውስጥ ያለ ነጭ ነገር ፈለግሁ። የቬሎዋን ትከሻ መረጥኩ፤ 190፣ 202፣ 229 ነበር። ነጭ ጨርቅ ሦስቱም እኩል መሆን ሲገባቸው ሰማያዊው ከቀዩ በ39 ይበልጣል። ሦስቱም 202 እንዲሆኑ ቀዩ በ1.06፣ ሰማያዊው በ0.88 መባዛት አለበት። ይህንን በእጅ አትሠሩትም። ፎቶው በ`RAW` ከተነሣ የ`White Balance` ጠብታ የሚመስለውን መሣሪያ ይዞ ትከሻው ላይ መንካት ነው። `JPEG` ከሆነ `Curves` በሚባለው የድምቀት መስመር ውስጥ ያለው መሐለኛው ጠብታ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ነጩ ግን የተቃጠለ መሆን የለበትም። 255 የነካ ነጭ ምንም አይነግራችሁም።

ጉንጩ ከ96፣ 78፣ 78 ተነሥቶ 102፣ 78፣ 69 ሆነ። ገና አላበራሁትም፤ ፊቷ ግን ነፍስ ዘራ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ስትደርሱ ደንበኛው «ቀላ ይበል» ያለው ነገር ግማሹ መመለሱን ታያላችሁ። ያስጠላቸው ጥቁረቱ ሳይሆን ሰማያዊነቱ ነበር።

ከዚያ ማብራት። አዲስ `Curves` ከፍታችሁ ሁለት ነጥብ ትከላላችሁ፤ `Input` 75 ሲሆን `Output` 90፣ `Input` 150 ሲሆን `Output` 180። ታችኛው ጫፍ 0 ላይ ይቆያል። መስመሩ እስከ 150 ድረስ ቀጥ ብሎ ይወጣና ከላይ ብቻ ይታጠፋል። ቀጥ ያለው ክፍል ሁሉንም በ1.2 ያባዛል። ጉንጩ 122፣ 94፣ 83 ሆነ። ጥምርታው ከቅድሙ ጋር አንድ ነው። ማስኩን፣ ማለትም ለውጡ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ሽፋን፣ ገልብጣችሁ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ አንገቱንና ደረቱን በለስላሳ ብሩሽ ክፈቱ። ጆሮ ይረሳል። ፊት ፈክቶ ጆሮ ጠቁሮ ሲቀር ጭምብል ያጠለቀ ሰው ይመስላል።

ከ1.2 ብዙም አልፌ አልሄድም። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ጥላው ይጠፋል፣ የአፍንጫ ጎን ይሳሳል፣ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ለደንበኛው ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አሳያለሁ፤ አብዛኛው ሰው ራሱን የሚመስለውን ይመርጣል።

አንድ ነገር ልጨምር። `Luminosity` ላይ አድርጉት የሚል ምክር በየቦታው አለ። ለማብራት አይሆንም። እሱ ሦስቱም ላይ ወደ እኩል የተጠጋ መጠን ስለሚጨምር ወደ ወተቱ ይመልሳችኋል።

ነጭ ስትመርጡም ተጠንቀቁ። በእጅ የተፈተለ ነጠላ ትንሽ ወደ ክሬም ያደላል። እሱን ነጭ ነው ብላችሁ ብትነኩ ፎቶው ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የዓይን ነጭም ነጭ አይደለም። ግራጫ ካርድ ካላችሁ ሥራ ስትጀምሩ ሙሽራዋ አገጭ ሥር አስይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሡ። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ድገሙት፤ ሸራ ሥር አንድ፣ ሜዳው ላይ አንድ።

ምልክት፦ ፊቱ ደህና ነው፣ አገጭ ሥር ግን አረንጓዴ ይላል

ይህ ጅሬን አባ ጅፋር ግቢ ወይም ማንኛውም ሣር ላይ ከተነሣ ፎቶ ጋር ይመጣል። ፀሐይ ሣሩን ትመታለች፣ ሣሩ አረንጓዴውን ወደ ላይ ይልካል። ግንባር የሚያየው ሰማዩን፣ አገጭ የሚያየው ሣሩን ነው። አንድ ፊት ላይ ሁለት ካስት አለ ማለት ነው። ስለዚህ ሙሉውን ፎቶ በ`Tint` ብትጎትቱ አገጩ ሲድን ግንባሩ ወይን ጠጅ ይሆናል። አገጭና አንገቱን ብቻ በማስክ ለዩና በዚያ ላይ ብቻ አረንጓዴውን ቀንሱ። ፊት ማብራት ካሰባችሁ ይህ ይቅደም።

ምልክት፦ ፊቱን ስታጠቁሩት ጡብ ወይም ሸክላ ይመስላል

ይህ የሚመጣው ፍላሽ ፊት ላይ ሲበዛ ነው። ጠይሟ ልጅ ነጭ ሆና ትወጣለች፣ «ይቺ እኔ አይደለሁም» ትላለች። ልክ ናት። እኛም `Curves` መሐሉን ይዘን ወደ ታች እንጎትታለን። መሐሉ ሲወርድ ትንሹ ቁጥር ከትልቁ ይልቅ በድርሻው ብዙ ያጣል። ሰማያዊው ይወድቃል፣ ቀዩ ጎልቶ ይቀራል። ቆዳው ወደ ብርቱካን ይሮጣል።

እዚህም መፍትሄው ቀጥ ያለው መስመር ነው። መሐሉን ሳይሆን የላይኛውን የቀኝ ጫፍ ያዙና `Output`ን ከ255 ወደ 215 አውርዱ። ሁሉም በእኩል ድርሻ ይቀንሳል። ግን ሌላ ችግር ይፈጠራል። ግንባርና ጉንጭ ላይ የሚያበራው ነጥብም ደብዝዞ ፊቱ ደረቅ ሸክላ ይሆናል። ያ ነጥብ የቆዳ ቀለም አይደለም፤ ከቆዳው ገጽ ላይ ተንሸራቶ የተመለሰ የመብራት ብርሃን ነው። ቆዳ ሲጠቁር እሱ አይጠቁርም፤ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል። ጥቁር ቆዳን ሕያው የሚያደርገው ይኸው ነው።

ስለዚህ ነጥቡን አድኑት። ሌየሩን ሁለቴ ተጫኑ፣ `Blend If` የሚለው ሥር `Underlying Layer` የሚለውን የቀኝ ሦስት ማዕዘን `Alt` ይዛችሁ ለሁለት ክፈሉት። ግማሹን ወደ 180 አካባቢ ሳቡት፣ ሌላውን 255 ላይ ተዉት። ደማቁ ቦታ እንደነበረ ይቆያል፣ መሐሉ ብቻ ይጠቁራል።

ምልክት፦ ሁሉም ልክ ነው፣ ግን እሷን አትመስልም

ይህ ይከብዳል። ቁጥሮቹ ንጹህ ናቸው፣ ብርሃኑ ደህና ነው፣ እናት ግን «ልጄን አትመስልም» ትላለች። እዚህ ጋ የሚጎድለው አንደርቶን ነው፤ ከላይኛው መልክ ሥር ያለው የቆዳው የራሱ ቀለም።

«ጠይም» ስንል የምንለካው ድምቀትን ነው። ሁለት ጠይም እህቶች እኩል ጠይም ሆነው አንዷ ወደ ወርቅ፣ ሌላዋ ወደ ቀይ ልታደላ ትችላለች። እኔ የምለየው በአረንጓዴውና በሰማያዊው ርቀት ነው። የአንዷ ጉንጭ 120፣ 92፣ 74 ቢሆን ርቀቱ 18 ነው፤ ይህ ወርቃማው ነው። የሌላዋ 120፣ 88፣ 80 ቢሆን ርቀቱ 8 ነው፤ ይህ ቀዩ ነው። አንድ «ቆንጆ የቆዳ ቀለም» አስቀምጦ ሁሉም ላይ የሚለጥፍ ሰው ሁለቱን እህቶች አንድ ሰው ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከሌላ ፎቶ ላይ ቀለም አትቅዱ።

መለኪያው እዚያው ፎቶ ውስጥ አለ። ፊት ላይ ፋውንዴሽን አለ፣ ስለዚህ ፊቱ ይዋሻል። ሜካፕ ያልነካውን ቦታ ፈልጉ። ለዚያች ሙሽራ የክንዷን ውስጠኛ ጎን ለካሁ፤ ካስቱ ከወጣ በኋላ 104፣ 81፣ 70 ነበር። ርቀቱ 11። የጉንጯ ደግሞ ከማብራቴ በፊት 102፣ 78፣ 69 ነበርና ርቀቱ 9፤ ይቀራረባሉ። ባይቀራረቡ ኖሮ ጉንጩን ወደ ክንዱ አመጣ ነበር።

አዲሱን ፎቶ በትንሽ ወረቀት አትሜ ከመስኮቱ ሥር ያዝኩት። አምፖሉ ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ከሱ ሥር አላየውም። ማታ ላይ እናትየዋ መጡ። ፎቶውን ትንሽ ራቅ አድርገው ያዙት፣ ከዚያ ቀረብ አደረጉት። «እሷ ናት» አሉና ትልቁን እንዳትም ነገሩኝ።