ፒዲኤፉ ጽሑፍ ነው ወይስ የጽሑፍ ፎቶ? እንዴት እንደሚለይ

አንድ ጓደኛዬ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣ አዋጅ ልኮልኝ «ስለ ይግባኝ የሚል ነገር አለው?» አለኝ። ፒዲኤፉን ከፍቼ መፈለጊያው ላይ «ይግባኝ» ብዬ ጻፍኩ። ምንም አልመጣም። «የለም» አልኩት፤ አመነኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳነበው ስለ ይግባኝ ራሱን የቻለ አንቀጽ አገኘሁ። ለካ ፋይሉ የወረቀት ፎቶ ኖሯል። እና «አልተገኘም» የሚለውን መልስ ከማመናችሁ በፊት ፋይሉን ፈትሹት።

መጀመሪያ አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። ምንም ካልተመረጠ ስካን ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ገጹን 400% አጉሉት። የፊደሎቹ ጠርዝ ጥርት ብሎ ከቀረ በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። ከሻከረና ነጠብጣብ ከታየበት ፎቶ ነው።

ብዙ ሰው ቃሉ ከተመረጠለት እዚያው ያቆማል። አይበቃም። የመረጣችሁትን ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ጨርሳችኋል። የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ከመጣ ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ስካኑ ላይ ፊደል የሚለይ ፕሮግራም (ኦሲአር) ሠርቶበታል፤ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ብቻ ተብሎ ነው። የኔ አዋጅ እንዲህ ነበር። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል። `appeal` ብዬ ስፈልግ ወዲያው መጣ፤ «ይግባኝ» ግን አልመጣም። ፕሮግራሙ የእኛን ፊደል የሚመስል የላቲን ፊደል እየገመተ ሞልቶታል። ስለዚህ ፍተሻችሁ ሁልጊዜ በአማርኛው ዓምድ ላይ ይሁን።

ሁለተኛው የድሮ ፎንት ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ተጽፎባቸዋል። እንዲህ ያለው ፋይል እውነተኛ ጽሑፍ ነው፤ ሲጎላም ጥርት ይላል። ሁለቱን የምትለዩት በዚህ ነው። መፍትሔያቸውም ይለያያል፦ ስካኑ በአማርኛ ኦሲአር እንደገና ይሠራበታል፣ የድሮው ፎንት ደግሞ ወደ ዩኒኮድ መቀየሪያ ያስፈልገዋል።

ፋይሉ ብዙ ከሆነ እኔ ማውሱን ትቼ `pdftotext` የሚባል፣ ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ነፃ ነው፣ ፈጣንም ነው። 7ኛውን ገጽ ለማየት፦

```
pdftotext -f 7 -l 7 awaj.pdf -
```

ባዶ ከመለሰ ገጹ ላይ ጽሑፍ የለም። የመሃል ገጽ የመረጥኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ ፋይል ሽፋኑ ብቻ በኮምፒውተር ተጽፎ የቀረው ስካን ይሆናል። የመፈለጊያ ቃላችሁም አንድ አጻጻፍ ብቻ ያለው ይሁን። «ሕግ» እና «ህግ» ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ደህናውን ፋይል ስካን ነው ብላችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ።