የተለጠጠ ወይም የተቆረጠ የቴሌቪዥን ምስል ሲስተካከል የሚፈጸሙ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት መለጠጥንና መቆረጥን አንድ ችግር አድርጎ ማየት ነው። ለመለየት በስክሪኑ ላይ ክብ ነገር፣ ለምሳሌ የግድግዳ ሰዓት፣ ሲታይ ስፋቱንና ቁመቱን በማስመሪያ ይለኩ። ስፋቱ ከበለጠ የተበላሸው የምስሉ የስፋትና የቁመት ምጣኔ ነው። ክቡ ትክክል ሆኖ በጠርዝ ያለው ጽሑፍ ከጎደለ ግን ምስሉ በዙም ተስፍቷል፣ አለዚያም ቴሌቪዥኑ ኦቨርስካን በሚባለው አሠራር ጠርዙን እየቆረጠ ነው። ይህ አሠራር የድሮዎቹ ባለመስታወት ቱቦ ቴሌቪዥኖች ያልተስተካከለ ጠርዛቸውን ይደብቁበት የነበረ ሲሆን፣ ለዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ስክሪኖች አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስህተት ጥቁር ክፍሎችን እንደ ብልሽት ቆጥሮ ስክሪኑን ለመሙላት መሞከር ነው። በ4:3 ምጣኔ የተቀረጸ የቆየ ፕሮግራም 1920 ፒክስል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ የሚይዘው 1440 ፒክስል ብቻ ስለሆነ፣ በግራና በቀኝ 240 ፒክስል ጥቁር ሆኖ መቅረቱ ትክክል ነው። ይህን ለመሙላት ሲለጠጥ የሰው ፊት በአንድ ሦስተኛ ይሰፋል፤ በዙም ሲሞላ ደግሞ ከቁመቱ አንድ አራተኛው ይጠፋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የቴሌቪዥኑን ጥፋት በኮምፒውተር ማረም ነው። 1920 በ1080 ምስል የሚልክ ላፕቶፕ በHDMI ኬብል ተገናኝቶ፣ ቴሌቪዥኑ ከስፋቱም ከቁመቱም 5 በመቶ ይቆርጣል እንበል። ከላይና ከታች 27፣ ከግራና ከቀኝ 48 ፒክስል ይጠፋል፤ 40 ፒክስል ቁመት ያለው የዊንዶውስ 10 የታችኛው አሞሌም ከግማሽ በላይ ይቆረጣል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ የኮምፒውተሩን ምስል ያሳንሳሉ። አሞሌው ይመለሳል፤ ነገር ግን ኮምፒውተሩ ያሳነሰውን ቴሌቪዥኑ መልሶ ስለሚያሰፋው ትንንሽ ፊደላት ይደበዝዛሉ። ስለዚህ የኮምፒውተሩን ማሳነሻ ወደ ዜሮ መልሰው፣ በቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ሜኑ ውስጥ በኤልጂ Just Scan፣ በሳምሰንግ Screen Fit ወይም Fit to screen፣ በሶኒ Full Pixel የሚለውን ይምረጡ። አሞሌው በሙሉ ታይቶ ፊደላቱም ከጠሩ ተስተካክሏል ማለት ነው። ምርጫው በሜኑው ከሌለ የHDMI መግቢያውን ስም ወደ PC መለወጥ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ኦቨርስካኑን ያጠፋል።

ሪሲቨር ሲኖር ደግሞ ሁለቱንም መሣሪያዎች ባንድ ጊዜ መነካካት ያሳስታል። ሪሲቨሩ ለ4:3 ቴሌቪዥን እንደሚልክ ተደርጎ ከላይና ከታች ጥቁር ሲጨምር፣ ቴሌቪዥኑም በ4:3 ላይ ሆኖ ከጎን ሲጨምር፣ ምስሉ በአራቱም ማዕዘን ተከቦ መሐል ላይ ይቀራል። መጀመሪያ ሪሲቨሩን፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥኑን 16:9 ላይ ያድርጉ።

በመጨረሻም፣ በአንድ የHDMI መግቢያ የተስተካከለው ለሌላውም ይሠራል ብሎ ማሰብ አይገባም። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምርጫውን ለእያንዳንዱ መግቢያ ለብቻው ስለሚይዙ፣ ኬብሉ ቦታ ሲቀይር ሜኑውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።