ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ፦ ዕቃው የሚዘገየው የት ላይ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ጫማ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንውሰድ። ደንበኛው ያዛል፣ በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍላል፣ የደረሰኙን ስክሪንሾት ይልካል። ሒሳብ ሠራተኛዋ ገንዘቡ መግባቱን ታረጋግጣለች፣ መጋዘን ያሽጋል፣ ሞተረኛ ያደርሳል። ባለቤቱ «በአማካይ በአንድ ቀን እናደርሳለን» ይላል፤ የመልእክት ሳጥኑ ግን «ዕቃዬ የት ደረሰ?» በሚል ጥያቄ ሞልቷል፣ ዕቃው ሳይወጣ የሚሰረዘው ትዕዛዝም በዝቷል። በሐሳቡ መጀመሪያ የሚመጣለት ሌላ ሞተረኛ መቅጠር ነው። ደመወዙን ከመጀመሩ በፊት ግን መዝገቡን መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ ለምሳሌነት አስቀምጫቸዋለሁ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ጥሩ ነው፣ ደንበኛው ግን ያማርራል

በሁለት ሳምንት 200 ትዕዛዝ ገባ እንበል። 150ው ደረሰ፣ 38ቱ ሳይላክ ተሰረዘ፣ 12ቱ ከሁለት ቀን በላይ ሆኖት አሁንም አልደረሰም። አማካዩ የሚሰላው ግን ከደረሱት 150ዎቹ ብቻ ነው። ጠብቆ ጠብቆ የሰረዘው ደንበኛ ሲሄድ ረጅሙን ጥበቃውንም ከስሌቱ ይዞት ይወጣል። ስለዚህ ሥራው በከፋ ቁጥር አማካዩ የሚያምርበት ጊዜ አለ።

መፍትሄው ጥያቄውን መቀየር ነው፦ «ከታዘዙት ሁሉ ስንቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ደረሰ?» 105 ከሆነ፣ ከደረሱት አንጻር 70 በመቶ ይመስላል፤ ከታዘዙት 200 አንጻር ግን ከግማሽ ብዙም አይዘልም። ደንበኛው የሚያውቀው ሁለተኛውን ነው።

ምልክት፦ ከዜሮ በታች የሆነ ወይም ከሚገባው በላይ ያማረ ሰዓት

ይህን ሳያጸዱ ወደፊት መሄድ ልፋት ነው። ትዕዛዙን ሲስተሙ በ09:05 መዘገበው፤ ሠራተኛዋ ደግሞ ከጠዋቱ 3:20 ላይ አረጋግጣ «3:20» ብላ ጻፈች። እውነቱ የ15 ደቂቃ ልዩነት ነው፣ ሰንጠረዡ ግን ከመታዘዙ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀድሞ እንደተረጋገጠ ያሳያል። ይህ ቢያንስ ዓይን ውስጥ ይገባል። አደገኛው ሌላው ነው፦ በ08:50 የታዘዘ ዕቃ ከቀኑ 9:00 ላይ ተረጋግጦ «9:00» ተብሎ ሲጻፍ፣ የስድስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጥበቃ አሥር ደቂቃ መስሎ ያልፋል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ደግሞ የሦስት ሰዓት ልዩነት ይጨመርበታል።

መፍትሄው ሰዓት በእጅ አለመጻፍ ነው። ጎግል ሺትስ ላይ የሰዓት ቀጠናውን GMT+03:00 ላይ አድርጎ `Ctrl+Alt+Shift+;` መጫን ቀኑንም ሰዓቱንም ያስገባል። ሞተረኞችም የቀኑን ርክክብ ሁሉ ማታ ተቀምጠው በአንድ ጊዜ እንዳይመዘግቡ ይታይ። የ«ደረሰ» ሰዓቶች ከምሽቱ 1 ሰዓት አካባቢ ተከማችተው ካገኟቸው ያ ሰዓት የመመዝገቢያ እንጂ የማድረሻ አይደለም።

ምልክት፦ መዘግየቱ የት እንዳለ አይታወቅም

ጠቅላላውን ጊዜ በአራት ይክፈሉት፦ ከትዕዛዝ እስከ ክፍያ ማረጋገጫ፣ ከዚያ እስከ ማሸግ፣ ከማሸግ ሞተረኛ እስኪረከብ፣ ከዚያ ደንበኛው እጅ እስኪገባ። B የታዘዘበት፣ C ክፍያው የተረጋገጠበት ዓምድ ከሆነ የመጀመሪያው ደረጃ በሰዓት እንዲህ ይሰላል፦

```
=IF(AND(B2<>"",C2<>""),(C2-B2)*24,"")
=MEDIAN(H2:H201)
=PERCENTILE(H2:H201,0.9)
```

የመጀመሪያው መስመር H ዓምድ ላይ እስከ ታች ይዘረጋል። ሁለተኛው ሰዓቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ሲደረደሩ መሃል ላይ ያለውን ይሰጣል። ሦስተኛው ከአሥር ትዕዛዝ ዘጠኙ ያለፉበትን ጣሪያ ያሳያል። ሁለቱንም አብሮ ማየት ግድ ነው፣ ምክንያቱም በምሳሌያችን ሁለቱ የሚጠቁሙት ወደተለያየ ቦታ ነው። በመሃለኛው ከሄድን ረጅሙ ሞተረኛ መጠበቅ ነው፣ 5 ሰዓት፤ ክፍያ ማረጋገጥ 2 ሰዓት ብቻ ይወስዳል። በጣሪያው ከሄድን ግን ሞተረኛ መጠበቅ 8 ሰዓት ሲሆን ክፍያ ማረጋገጥ 14 ሰዓት ይደርሳል።

ሞተረኛ የመጠበቁን ነገር በአንድ ፈተና መለየት ይቻላል። ትዕዛዝ የበዛበትንና የቀነሰበትን ቀን ያነጻጽሩ። ጥበቃው በበዛበት ቀን ከረዘመ የጎደለው የሰው ኃይል ነው። በሁለቱም ቀን 5 ሰዓት ከሆነ ግን ምክንያቱ ፕሮግራሙ ነው፦ ሞተረኞቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ስለሚወጡ የታሸገው ዕቃ ተራውን ይጠብቃል። እዚህ ሱቅ የሆነው ይህ ነው። አሥር ሞተረኛ ቢጨመር ዕቃው ከ9 ሰዓት በፊት አይወጣም፤ መካከል ላይ አንድ መውጫ መጨመር ግን ጥበቃውን ያሳጥራል።

ምልክት፦ ትዕዛዙ ሳይላክ ይሰረዛል፣ ምክንያቱም ሁሌ «ሐሳቡን ቀየረ»

ለዚህ ምክንያት ብዙ እምነት አልሰጥም። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ያለውን መምረጥ ለሠራተኛ ስለሚቀል ነው የሚደጋገመው። የማይዋሸው የተሰረዘበት ሰዓትና በዚያን ጊዜ ትዕዛዙ የቆመበት ደረጃ ነው።

ከ38ቱ 27ቱ የተሰረዙት ክፍያ ሳይረጋገጥ ነው። እነዚህን በታዘዙበት ሰዓት ከፈልናቸው 21ዱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የታዘዙ ሆኑ። ማታ የታዘዘው በጠቅላላ 80 ነው፣ ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ተሰርዟል ማለት ነው። ቀን ከታዘዙት 120ዎቹ በዚህ ደረጃ የተሰረዙት 6 ብቻ ናቸው። ሒሳብ ሠራተኛዋ ከቀኑ 11 ተኩል ወጥታ ጠዋት 2 ተኩል ትገባለች፤ ሰው ደግሞ ስልኩን ይዞ ጫማ የሚመርጠው ቤቱ ሲገባ ነው።

እዚህ ላይ «ማታ የሚያዝ ሰው ድሮም ቁም ነገረኛ አይደለም» የሚል ይኖራል። መልሱ ከመዝገቡ ይገኛል። ከ21ዱ 4ቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰርዘዋል፣ እነዚህ በእርግጥ ሐሳባቸውን ቀይረዋል ማለት ይቻላል። 17ቱ ግን የሰረዙት በማግሥቱ ጠዋት ነው። አንደኛዋ ደንበኛ ማታ 2 ሰዓት ላይ 3,200 ብር ልካ፣ ስክሪንሾቱን አያይዛ፣ «ደርሷችኋል?» ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋ መልስ ሳታገኝ አደረች እንበል። ጠዋት የምትጽፈው «ብሬን መልሱልኝ» ነው። ጫማውን ጠልታ ሳይሆን ገንዘቧ የት እንደገባ ስላላወቀች ነው።

መፍትሄው ከ12 እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍያ የሚያረጋግጥ አንድ ሰው መመደብ ነው። ከስክሪንሾቱ በተጨማሪ የግብይት ቁጥሩን በጽሑፍ መቀበልም ማረጋገጡን ያፈጥነዋል፣ ቁጥሩን ኮፒ አድርጎ ሒሳቡ ላይ መፈለግ ይቻላልና።

የቀሩት 11 ስረዛዎች ክፍያው ተረጋግጦ ሳይታሸጉ የቀሩ ናቸው፤ መንስኤያቸው ሌላ ነው። ቴሌግራም ላይ «አለ» የተባለው የጫማ ቁጥር መደርደሪያው ላይ የለም፣ ጠዋት ሱቅ የመጣ ሰው ገዝቶት ሄዷል። ክምችቱ የሚቀነሰው ሲታሸግ ከሆነ ይህ አይቀሬ ነው። ትዕዛዙ እንደገባ ጥንዱን ከመደርደሪያ አንስቶ ስም ጽፎ ለብቻው ማስቀመጥ ይበቃል፤ ክፍያ ካልመጣ በማግሥቱ ይመለሳል።

ለውጡ መሥራቱ እንዴት ይታወቃል?

ትዕዛዞቹን በታዘዙበት ቀን ይመድቡ እንጂ በደረሱበት ወይም በተሰረዙበት ቀን አይመድቡ። ያለበለዚያ የድሮው አሠራር ውዝፍ በአዲሱ ሳምንት ላይ ይቆጠራል። ለሁሉም እኩል 48 ሰዓት ይስጡ፣ 48 ሰዓት ያልሞላውን ትዕዛዝ ገና አይቁጠሩት። የፋሲካ ወይም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሳምንት ከተራ ሳምንት ጋር አይነጻጸርም። የማታው ስረዛ ከቀኑ ጋር ከተቀራረበ ቀጥሎ የማሸጊያውን ጣሪያ ይመልከቱ፤ ማታ የተረጋገጠው ሁሉ ጠዋት በአንድ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ነው።