እምብርት በሚደርስ ውሃ ልጅን መንሳፈፍ ማስተማር

ዋና የሚያስተምር ሰው በአቅራቢያችሁ የለም። ያለው የሰፈሩ ገንዳ ብቻ ነው፤ እሱም ለአዋቂ ከጭን አያልፍም። ብዙ ወላጅ «በዚህ ምን ይማራል?» ብሎ ይተወዋል። እኔ የእህቴን ልጅ ያስተማርኳት እንዲህ ባለ ገንዳ ነው። ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ውሃው 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ እምብርቷ ላይ ይደርሳል። አምስት ቅዳሜ ተመላለስን። ዋናተኛ አልሆነችም። ግን በጀርባዋ ተኝታ 20 እስክቆጥር መቆየት ቻለች፤ በፊቷ ብትወድቅም ተገልብጣ አየር ማግኘትን ለመደች።

ከመግባታችሁ በፊት

ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ጥልቀት ትታችሁ ልጁን አቁማችሁ ለኩ። ከእምብርት እስከ ደረት የሚደርስ ውሃ ጥሩ ነው። ከጉልበት በታች ከሆነ ጀርባው ወለሉን ይነካል። አንገቱ ጋ ከደረሰ ደግሞ ለጀማሪ በዝቷል።

እናንተ ሁልጊዜ እጃችሁን ዘርግታችሁ ልትይዙት በምትችሉበት ርቀት ሁኑ። እየሰመጠ ያለ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ ለመጮህ ትንፋሽ የለውም። አፉ ከውሃው ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል፣ እጆቹ ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ። ከሩቅ ሲያዩት የሚጫወት ይመስላል። ስለዚህ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይግባ። ሁለት ልጆች ካሏችሁ ተራ ያልደረሰው ከውሃው ወጥቶ ጠርዝ ላይ ይቀመጥ።

ክንድ ላይ የሚነፋውን ጎማ ቤት ተዉት። ልጁን ውሃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። መንሳፈፍ ግን መተኛት ነው፤ ሰውነቱ የተሳሳተውን ይለምዳል።

ፊት ላይ የሚፈስ ውሃ

የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን በዚህ ቢያልፍ አይቆጫችሁ። በጣሳ ትንሽ ውሃ ቀድታችሁ ከትከሻው ጀምሩ፤ ቀጥሎ ማጅራቱ ላይ፣ ቀጥሎ አናቱ ላይ፣ በመጨረሻ ግንባሩ ላይ አፍስሱ። ሲፈስ «እፍፍ» እያለ በአፉ ያውጣ። ፊቱን በእጁ ለመጥረግ መቸኮሉን ሲተው ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ከዚያ አፉን ውሃው ውስጥ ነክሮ አረፋ ያውጣ። ትንፋሽ ይዞ ውሃ ውስጥ የመቆየት ውድድር ግን በፍጹም አይኑር።

ከመንሳፈፍ በፊት መነሳት

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ልጁን አንጋለው ይለቁታል፤ ልጁ ለመቆም ሲሞክር ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይወረውራል፣ እግሩ ይንሸራተታል፣ አፍንጫው ውሃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ በጀርባው እንዲተኛ ማሳመን ሳምንታት ይወስዳል። እምብርት በሚደርስ ውሃም ሰው ይሰምጣል፤ መነሳት ካላወቀ የወለሉ ቅርበት ብቻውን አያድነውም።

እንዲህ አድርጉ። ጭንቅላቱን ትከሻችሁ ላይ አሳርፋችሁ፣ አንድ እጃችሁን ከላይኛው ጀርባው ስር አድርጋችሁ አጋድሙት። ቀጥሎ አገጩን ወደ ደረቱ ያምጣ። ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰብስብ፤ እግሩ በራሱ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያው ቅጽበት በሁለት እጁ ውሃውን ከኋላ ወደ ፊት ይግፋ። እግሩ ወለሉን ሲረግጥ ብቻ ቀና ይበል። ለእህቴ ልጅ «አገጭ፣ ጉልበት፣ እጅ» እያልኩ ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ሳልነግራት ራሷ እያንሾካሾከች ትነሳ ነበር። ሳትይዙት አሥር ጊዜ በሰላም እስኪነሳ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

አሁን መንሳፈፍ

ውሃው ውስጥ ተንበርክካችሁ ተረከዛችሁ ላይ ተቀመጡ፤ ትከሻችሁ ከውሃው እኩል ይሆናል። የልጁ ማጅራት ትከሻችሁ ላይ፣ ጉንጫችሁ ከጉንጩ አጠገብ ይሁን። ድምፃችሁን በቅርብ ሲሰማ ይረጋጋል። ጆሮው ውሃ ውስጥ መግባት አለበት። «ድምፁ ይደፈናል፣ አይጎዳም» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አለበለዚያ ደንግጦ ጭንቅላቱን ያነሳል። ጭንቅላት ደግሞ ከባድ ነው። ከውሃው በወጣ ቁጥር ዳሌን ወደ ታች ይሰዳል።

በአፉ በደንብ አየር ያስገባ፣ ጥቂት ይያዝ፣ ፈጠን ብሎ አውጥቶ መልሶ ይሙላ። በሚያስወጣበት ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ይህን እጃችሁ ላይ ታውቁታላችሁ። እሱም እንዲያስተውለው አድርጉ፤ ሳንባው እንደ ፊኛ የሚያነሳው መሆኑ ይገባዋል።

አብዛኛው ችግር «ወንበር» የምለው ነው። ልጁ እግሩን ለማየት ጭንቅላቱን ያነሳና ወገቡ ታጥፎ እንደተቀመጠ ሰው ይሆናል። «ሆድህን ከፍ አድርግ» ከማለት ይልቅ የሚያየው ነገር ስጡት፦ ጣሪያው ላይ ያለ መብራት ወይም ደመና። ቀጭን ልጅ ሆዱ ተንሳፎ እግሩ ዝቅ ይልበታል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ጉልበቱን ትንሽ ለቆ እጆቹን ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ ሲዘረጋ ሚዛኑ ይስተካከላል። አፍና አፍንጫው አየር ላይ ከሆኑ ይበቃል።

እጃችሁን በአንድ ጊዜ አትንጠቁ። መዳፍ፣ ከዚያ ሁለት ጣት፣ ከዚያ አንድ ጣት። «አልለቅህም» ብላችሁ ከለቀቃችሁት ደግሞ እምነቱን ታጣላችሁ፤ «አሁን ልለቅህ ነው፣ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ» በሉት። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ከተንቀጠቀጠ የዕለቱ ትምህርት አልቋል። የበረደው ልጅ ሰውነቱ ይገተራል፤ የተገተረ ሰውነት በቀላሉ አይንሳፈፍም።

«ወለሉ ጠፋ»

ጥልቀት የሌለው ገንዳ አንድ ክፉ ልማድ ያስተምራል። ልጁ በተጨነቀ ቁጥር እግሩ ወለል ያገኛል፤ የትም ውሃ እንደዚያ ይመስለዋል። ኩሬ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ክረምት የሞላው ጉድጓድ፣ ወንዝ እንደዚያ አይደሉም። ስለዚህ መነሳትን ከለመደ በኋላ መነሳትን የምትከለክሉበት ጨዋታ ይኑር።

ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ እናንተ ፊት ለፊቱ ሆናችሁ፣ እጃችሁን ይዞ ቀስ ብሎ በደረቱ ይንሸራተት። በግንባር መወርወር ግን ክልክል ነው፤ በዚህ ጥልቀት አንገት ይሰበራል። «ወለሉ ጠፋ!» ስትሉ ፊቱን ወደ አንዱ ትከሻ ያዙር። ትከሻው ይከተላል፣ ሰውነቱ ይገለበጣል። በጀርባው አሥር እስኪቆጠር ይተንፍስ፣ ከዚያ እግሩን ቀስ ብሎ እየመታ ወደ ጠርዙ ሄዶ ይያዝ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ በየሁለት ሰከንዱ ትቆም ነበር። አራተኛው ቅዳሜ ላይ አንድ ጊዜ ውሃ ዋጥ አድርጋ አሳላት፤ ሳትቆም ግን አሥሩን ጨረሰች። ያን ጊዜ ዓይኔ እንባ ሞላ።

በመጨረሻው ቀን ጠባቂውን አስፈቅደን ንጹህ ቲሸርትና ሱሪ ለብሳ ደገመችው። ሰው ኩሬ ውስጥ የሚወድቀው በዋና ልብስ አይደለም። የረጠበ ልብስ እጇን እንዴት እንደሚያዘገየው እዚያው አወቀችው።

በጀርባው 20 የቆየ ልጅ ይደፍራል። ጓደኛው ሲሰምጥ ካየ ሊያወጣው ዘሎ ይገባል። እንዲህ ብሎ የሰመጠውን ተከትሎ የሚሰምጥ ብዙ ነው። ስለዚህ አብሮ አንድ ነገር ይማር። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፤ ባዶውን ብትወረውሩት ነፋስ ይወስደዋል። ክዳኑን አጥብቃችሁ እጀታው ላይ ገመድ እሰሩ። ልጁ ጠርዙ ላይ በሆዱ ተኝቶ «እርዱኝ!» እያለ ይጩህ፣ ጀሪካኑን ከናንተ አልፎ እንዲወድቅ ይወርውር፣ ገመዱን እየሳበ እጃችሁ ላይ ያድርሰው። እናንተ አቅፋችሁት ተንሳፈፉ፤ እሱ ይጎትታችሁ። የእህቴ ልጅ ሁለቴ ሳተችኝ፤ በሦስተኛው ግንባሬን ልትመታኝ ትንሽ ቀርቷት ጀሪካኑ ከኋላዬ አረፈ፣ ጠርዙ ድረስም ጎተተችኝ።