ስላይዱ ያላለውን ሳይጨምሩ እንዴት ማጠቃለል ይቻላል?

«ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ እስቲ ይሄን ስላይድ በአንድ ገጽ አድርግልኝ።» ቢሮ የሚሠራ ሰው ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። ፋይሉን ሲከፍቱት ግን ያለው የነጥቦች ድርድር ብቻ ነው። አቅራቢው በቃል ያብራራው ሁሉ ከአቅራቢው ጋር ሄዷል።

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ፋይል ደረሰኝ። ከነጥቦቹ አንዱ «ለ40 የወረዳ ባለሙያዎች ስልጠና መስጠት» ይላል። እኔ «ለ40 የወረዳ ባለሙያዎች ስልጠና ተሰጥቷል» ብዬ ጻፍኩ። ስልጠናው ግን ገና ዕቅድ ነበር። ማጠቃለያዬ ሪፖርት ውስጥ ገባ፣ ሪፖርቱም ወደ በላይ አካል ሄደ። ስህተቱን የነገሩን ስልጠናውን ይጠብቁ የነበሩት ባለሙያዎች ናቸው። ቁጥሩን አልነካሁም፣ ስም አልቀየርኩም። የቀየርኩት አንድ ግስ ነው።

ችግሩ ያለው እዚያ ነው። ነጥብ ግስ የለውም፣ ወይም ያለው ግስ ያልተቋጨ ነው። ማጠቃለያ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል። ነጥቡን ወደ ዓረፍተ ነገር ስንቀይር ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንደሆነና በምን ምክንያት እንደሆነ ከራሳችን እንሞላለን። ስንሞላም አይታወቀንም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ያንን መሙላት ለመያዝ የምጠቀምባቸው ናቸው።

1. ዋናውን ፋይል ያግኙ

የደረሰዎት ፒዲኤፍ ከሆነ ዋናውን .pptx ይጠይቁ። ፒዲኤፍ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከስላይዱ ሥር ያለው የአቅራቢው ማስታወሻ ይቀራል። ፓወርፖይንት ላይ ከታች «Notes» የሚለውን ሲጫኑ ይከፈታል። ባዶ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን ነጥቡ ላይ የጠፋው ማብራሪያ በሙሉ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ግራፍ ካለም ከጀርባው ያለው ሰንጠረዥ አብሮ መኖሩን ይዩ። ፋይሉ መቼ እንደተሠራና ለማን እንደቀረበም ይመዝግቡ። ለገንዘብ ሰጪ የተዘጋጀ ስላይድና ለውስጥ ግምገማ የተዘጋጀ ስላይድ አንድ ዓይነት ቃል ቢጠቀሙም አንድ ዓይነት ነገር አይናገሩም።

2. ነጥቦቹን እንዳሉ ገልብጡና ክፍተቱን ጻፉ

ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል ነጥቡን ቃል በቃል፣ ከስላይዱ ቁጥር ጋር ይጻፉ። አታሳምሩት፣ ፊደል አታርሙ። በቀኝ በኩል ነጥቡ የማይመልሰውን ጥያቄ ይጻፉ። ከላይ ላለው የስልጠና ነጥብ የቀኙ ዓምድ «ተሰጥቷል? ሊሰጥ ነው? ይሰጥ የሚል ምክር ነው?» ይላል።

በአማርኛ ስላይድ ላይ ይህ ክፍተት በጣም ይበዛል። «ማጠናከር»፣ «ማሳደግ»፣ «መቀነስ» እያልን እንጽፋለን። እነዚህ ቃላት ጊዜም ባለቤትም የላቸውም። ያለፈውንም፣ የወደፊቱንም፣ ምኞቱንም በአንድ ልብስ ያለብሳሉ። የስላይዱ ርዕስ «የተከናወኑ ተግባራት» ከሆነ ርዕሱ ይረዳዎታል። ርዕሱ «የሥልጠና ሥራዎች» ብቻ ከሆነ ግን እርስዎም ቆርጠው መናገር አይችሉም። «ስላይድ 4 ለ40 ባለሙያዎች ስልጠና መስጠትን ይጠቅሳል፤ መሰጠቱን ግን አይገልጽም» ብለው ይጻፉ።

ሌላው ክፍተት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ነው። አንዱ «አዲስ የክፍያ ሥርዓት ተዘርግቷል» ይላል፣ ከሥሩ ያለው «ገቢ በ12 በመቶ ጨምሯል» ይላል። ተከታትለው ስለተቀመጡ እጃችን «በመሆኑም» ብሎ ያያይዛቸዋል። ስላይዱ ግን አላያያዛቸውም። «በመሆኑም»፣ «ስለዚህ»፣ «በዚህ የተነሳ» የሚሉት ቃላት ስላይዱ ላይ ከሌሉ ማጠቃለያዎም ላይ አይኑሩ። በምትካቸው «ስላይዱ እነዚህንም ይዘረዝራል» ማለት ይበቃል።

3. ርዕሱን ከነጥቦቹ ለይተው ያንብቡ

ይህ ደረጃ ሰፊ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም አለቃ የሚያነበው ርዕሱን ነው። ለዚህም በእውነት የሆነ ስላይድ ልውሰድ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትነሳ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ የአረፋ ቁራጭ ተገንጥሎ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ሕዋ ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገመገሙና ግምገማቸውን በስላይድ አቀረቡ። ከዚያ አንድ ኃላፊ ያንን አቀራረብ በቃል አሳጥሮ ለበላይ ኃላፊዎቹ ስብሰባ ነገረ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን ኮሎምቢያ ስትመለስ ተበታተነች፤ 7ቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። በኋላ አደጋውን የመረመረው ቦርድ፣ አደጋን የሚጠቁሙት እርግጠኛ ያልሆኑ ነገሮችና ግምቶች በዚያ ማሳጠር ላይ ከመረጃው ሰንሰለት መውደቃቸውን ጻፈ። ከስላይዶቹ አንዱንም ነጥሎ አሳየ። የመረጃ አቀራረብ ምሁሩ ኤድዋርድ ተፍቲ ነጥብ በነጥብ የተነተነው እሱን ነው።

የስላይዱ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሙከራ መረጃ ግምገማ ታይልን በመብሳት ረገድ ጥንቃቄ የበዛበት መሆኑን ያመለክታል» የሚል ነው። ታይል የተባለው መንኮራኩሯን ከሙቀት የሚጠብቀው ሽፋን ነው። ርዕሱን ብቻ ያነበበ ሰው «እንግዲያው ስጋት የለም» ይላል። ግን ጥንቃቄ የበዛው ማን ጋ ነው? ከሥር ያለው ነጥብ ይነግረናል፤ ጉዳትን የሚተነብየው ክሬተር የተባለ የስሌት ሞዴል ነው። በቀደሙት ሙከራዎች ላይ ሞዴሉ ከታየው በላይ ጉዳት ይተነብይ ነበር። ርዕሱ ስለ ሞዴሉ እንጂ ስለዚህች መንኮራኩር ክንፍ አይናገርም።

ወደ ታች እንውረድ። አንድ ነጥብ «የሙከራ ውጤቶች በበቂ ክብደትና ፍጥነት ይህ ሊሆን እንደሚችል ያሳያሉ» ይላል። «ይህ» ምንድን ነው? ከላይ ካለው ነጥብ ጋር ስናገጣጥመው ታይሉን መብሳት ነው። የስላይዱ ከባዱ ቃል «ይህ» ውስጥ ተደብቋል። ቀጥሎ፣ ታይሉ አንዴ ከተበሳ ጉዳቱ ጉልህ ሊሆን እንደሚችል ተጽፏል። «ጉልህ» የሚለው ቃል በዚያ አንድ ስላይድ ላይ 5 ጊዜ ይመጣል። አንዴ የሞዴሉን ስህተት ይገልጻል፣ አንዴ ለመብሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት፣ ሁለቴ ጉዳቱን፣ አንዴ ደግሞ በሙከራውና በበረራው መካከል ያለውን ርቀት። ምን ያህል እንደሆነ ከቃሉ ጎን አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥምዎት «ትልቅ»፣ «አስጊ» ወይም «አነስተኛ» ብለው አይተርጉሙት። ጥቅስ ውስጥ ያስቀምጡትና መጠኑ እንዳልተገለጸ ይጻፉ።

መጨረሻው ነጥብ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ሁሉንም ይቀይራል። በበረራው ላይ የተገመተው ቁራጭ 1920 ኪዩቢክ ኢንች ነው። ሙከራው ላይ የነበረው 3 ነው። በእኛ መለኪያ ሙከራው አንዲት የቡና ስኒ የማይሞላ ነገር ነው። ክንፉን እንደመታ የተገመተው ግን ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን አንድ ተኩል ጊዜ ይሞላል። ልዩነቱ 640 እጥፍ ነው።

አሁን ሁለት ማጠቃለያ ላሳያችሁ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «የሙከራ መረጃዎች አረፋው ታይሉን እንደማይጎዳ ያሳያሉ።» አጭር ነው፣ ለመስማትም ይጥማል። ስላይዱ ግን እንዲህ አላለም። ሁለተኛው ይህ ነው፦

«ስላይዱ የጉዳት መተንበያው ሞዴል በቀደሙ ሙከራዎች ላይ ከታየው በላይ ጉዳት ይተነብይ እንደነበር ይገልጻል። ሙከራዎቹ ግን በ3 ኪዩቢክ ኢንች ቁራጭ የተደረጉ ሲሆን በበረራው ላይ የተገመተው 1920 ነው፤ ስላይዱ ራሱ ይህ ከሙከራ መረጃው ‹በጉልህ› ውጭ ነው ይላል። ታይሉ ከተበሳ ጉዳቱ ጉልህ ሊሆን እንደሚችልም ያነሳል። በዚህ በረራ ታይሉ ስለመበሳቱም ሆነ ስላለመበሳቱ ድምዳሜ አይሰጥም።»

ይሄኛው ይረዝማል፤ ግን አራት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የሙከራው ወሰን ከርዕሱ ቃል ሥር ወዲያው መጥቷል እንጂ መጨረሻ ላይ አልተጣለም። ደግሞም «ታይል» የሚለው «ክንፍ» ወደሚል አልሰፋም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ በምርመራ እንደተረጋገጠው አረፋው የሰበረው ከታይል የተለየውን፣ የክንፉን የፊት ጠርዝ የሚሸፍነውን ክፍል ነው። ስለ ታይል የተባለውን ስለ ክንፉ ያደረገ ማጠቃለያ፣ ስላይዱ ጨርሶ ያልነካውን ነገር ይናገራል።

4. ጥንቃቄውንም አታብዙ

ከዚህ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ሁሉም ዓረፍተ ነገር «ሊሆን ይችላል»፣ «ምናልባት» ይሆናል። ይሄም ስላይዱን ማዛባት ነው። ስላይድ 7 «3 ማሽኖች ተገዝተዋል» ካለ «3 ማሽኖች ተገዝተዋል» ብለው በድፍረት ይጻፉ፤ የስላይዱን ቁጥር ብቻ ይጨምሩ። ጥርጣሬን ስላይዱ ክፍት ለተወው ቦታ ያስቀምጡት። ያለበለዚያ አንባቢው እውነተኛውን ክፍተት ከልማድ ጥንቃቄ መለየት አይችልም።

5. ወደ ኋላ ይፈትሹ

ማጠቃለያው ሲያልቅ ከላይ ወደ ታች አያንብቡት። ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይጀምሩና በእያንዳንዱ ሥር «ይሄ የትኛው ስላይድ ላይ ነው?» ይበሉ። ቁጥር ያጡለት ዓረፍተ ነገር የእርስዎ ነው፤ ይውጣ። ቁጥር ካገኘ ግሱን ብቻ ከነጥቡ ጋር ያስተያዩ። «ያመለክታል» ወደ «ያረጋግጣል»፣ «ታቅዷል» ወደ «ተጀምሯል» የሚሾልከው እዚህ ላይ ነው።

6. ባለቤቱን ይጠይቁ፣ ግን በአማራጭ

ከቀኙ ዓምድ ውሳኔ የሚቀይሩትን 2 ወይም 3 ጥያቄዎች ብቻ ይምረጡ። ማጠቃለያውን ልከው «ትክክል ነው?» አይበሉ። ሥራ የበዛበት ሰው «አዎ፣ ጥሩ ነው» ይልዎታል። «ስልጠናው ተሰጥቷል ወይስ ሊሰጥ ነው?»፣ «12 በመቶ የጨመረው ካለፈው ዓመት ነው ወይስ ካለፈው ሩብ ዓመት?» ብለው ይጻፉለት። እንዲህ ሲጠየቅ «አዎ» ብሎ ማለፍ አይችልም፤ አንዱን ይመርጣል።

መልሱ ሲመጣ ማጠቃለያው ውስጥ ያስገቡት፣ ግን «አቅራቢው በኋላ እንዳብራሩት» ብለው ከስላይዱ ይለዩት። መልስ ካልመጣና ሰዓቱ ከደረሰ፣ ከገጹ ግርጌ «ስላይዱ የማይመልሳቸው» የሚል አጭር ርዕስ ያድርጉና ጥያቄዎቹን እንዳሉ አስቀምጠው ይላኩት።