በሱቅዎ የሞባይል ጌም ውድድር እንዴት ይዘጋጃል? ከዋይፋይ እስከ ሽልማት

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ የጌም ውድድር ሲበላሽ ከላይ የሚታየው የተጫዋቾች ጭቅጭቅ ነው። ጭቅጭቁን ወደ መነሻው ሲከተሉት ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሱት ኢንተርኔቱ ጋ ነው። ጎል ሊገባ ሲል ስክሪኑ ይቆማል፣ አንዱ «ሆን ብለህ አቋረጥከው» ይላል፣ ሌላው ይምላል፣ ዳኛው የሚይዘው ማስረጃ የለውም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከሁሉም በላይ የምቆየው ዋይፋዩ ላይ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፤ 16 ተጫዋቾች፣ አንድ ለአንድ የሚደረግ የእግር ኳስ ጌም፣ ጥሎ ማለፍ። በመጀመሪያው ዙር 8፣ በሩብ ፍጻሜ 4፣ በግማሽ ፍጻሜ 2 ጨዋታ አለ። ፍጻሜውና የደረጃ ጨዋታው ሲጨመሩ ጠቅላላው 16 ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከአራት ጨዋታ በላይ አያስጀምሩ። ለአንድ ጨዋታ፣ ሩም መክፈቱንና መግባቱን ጨምሮ 20 ደቂቃ ከያዙ፣ የመጀመሪያው ዙር በሁለት ፈረቃ ያልቃል፤ ሩብ፣ ግማሽና ፍጻሜ አንድ አንድ ፈረቃ ይወስዳሉ። አምስት ፈረቃ 100 ደቂቃ ነው፤ መሐል ላይ ለእረፍትና ለክርክር የሚሆን ጊዜ ሲጨመርበት ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። በአራት የወሰንኩት ለሰዓቱ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ኔትወርኩ ላይ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱት ስልኮች ከስምንት እንዳይበልጡ ነው።

ዋይፋዩ

ብዙ ባለሱቅ መጀመሪያ የሚያስበው ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ነው። ጌም ግን ብዙ ዳታ አይፈልግም፤ ስምንት ስልኮች አንድ ላይ ሲጫወቱ የሚወስዱት አንድ ሰው ጥራት ያለው ቪዲዮ ሲያይ ከሚወስደው ያነሰ ነው። ጌም የሚፈልገው መልእክቱ ቶሎና ሳይዋዥቅ ሄዶ እንዲመለስ ነው። ያ የመሄጃና የመመለሻ ጊዜ ፒንግ ይባላል፣ የሚለካውም በሚሊሰከንድ ነው። ሁልጊዜ 70 የሆነ ፒንግ፣ አንዴ 30 አንዴ 250 ከሚሆን ፒንግ በጣም ይሻላል፤ እጅ ቋሚ መዘግየትን ይለምዳል፣ የሚዋዥቀውን ግን መልመድ አይችልም።

ከውድድሩ ቀደም ብሎ፣ ሱቁ በሚጨናነቅበት ሰዓት፣ ላፕቶፕ በዋይፋይ አገናኝተው ተጫዋቾች የሚቀመጡበት ቦታ ላይ ያስቀምጡ። ዊንዶውስ ከሆነ ሁለት የትእዛዝ መስኮት ከፍተው በየአንዳንዳቸው አንዱን ይጻፉ፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው ራውተርዎን ነው የሚጠይቀው። አድራሻው ከራውተር ራውተር ስለሚለያይ ከጀርባው የተለጠፈውን ይመልከቱ። ሁለተኛው ከሱቁ ውጭ ያለ የጉግል ሰርቨርን ይጠይቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ጥፋቱ የት እንዳለ ይነግርዎታል። ራውተሩ ከ1 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሳይዋዥቅ እየመለሰ ውጭኛው ብቻ የሚዘል ከሆነ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ራውተሩ ራሱ 5፣ 80፣ 3፣ 150 እያለ የሚመልስ ከሆነ ግን ችግሩ ክፍሉ ውስጥ ያለው የዋይፋይ ሞገድ ነው፤ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ደውለው ፍጥነት ቢያስጨምሩም ምንም አይቀየርም።

የሞገዱ ችግር ከየት ይመጣል? አንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ሁሉ አንድ ማይክ እንደሚቀባበሉ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጠብቃል። የጎረቤት ራውተርም ያንኑ ቻናል ከያዘ ወረፋው ውስጥ ይገባል። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ሩቅ ስለሚደርስ ብዙውን ጊዜ የተጨናነቀ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ማለፍ ቢከብደውም ሰፊ ቦታ አለው፤ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥበት ውድድር የሚሆነውም እሱ ነው። ራውተሩ ሁለቱንም በአንድ ስም የሚያሰራጭ ከሆነ ይለያዩዋቸውና ለ5 ጊጋኸርዙ የራሱን ስምና የይለፍ ቃል ይስጡት፤ ያንን የሚያውቁት ተጫዋቾች ብቻ ይሁኑ። 5 ጊጋኸርዝ የማይቀበል አሮጌ ስልክ ካለ 2.4 ላይ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ቻናሎች ጭር ያለውን ይምረጡለት። ራውተሩን ከፍ አድርገው ከተጫዋቾቹ ፊት ለፊት ያስቀምጡት፤ ከፍሪጅ ወይም ከብረት መደርደሪያ ጀርባ ከተቀመጠ ብረቱ ሞገዱን ያግደዋል።

ርካሽ የሞገድ ማራዘሚያ እንዳይገዙ እመክራለሁ። አብዛኞቹ የሚቀበሉትም የሚያስተላልፉትም በአንድ ሞገድ ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት አየር ላይ ሁለት ጊዜ ይሄዳል፤ ስልኩ ላይ የሚታዩት የምልክት መስመሮች ይሞላሉ፣ ፒንጉ ግን ይከፋል። ራውተሩ ሩቅ ከሆነ ረጅም የኔትወርክ ኬብል ዘርግተው ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር በአክሰስ ፖይንትነት ይትከሉ።

አሁን ወሳኙ ሙከራ ይቀራል። ሁለቱ ፒንጎች እየሠሩ ሳለ አንድ ሰው ከስልኩ ትልቅ ቪዲዮ ወደ ቴሌግራም እንዲጭን ያድርጉ። በብዙ ሱቅ ውስጥ 40 የነበረው ውጭኛው ፒንግ ወዲያው 300 እና 400 ይደርሳል። ምክንያቱ ወደ ውጭ የሚሄደው መስመር ከሚገባው ብዙ ጊዜ ጠባብ መሆኑ ነው፤ ቪዲዮው ሲሞላው የጌሙ ትናንሽ መልእክቶች ራውተሩ ውስጥ ከኋላው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በውድድር ቀን ይህን የሚያደርገው ጨዋታውን ቀርጾ የሚለጥፍ ተመልካች ነው። የሱቁ የራሱ የደህንነት ካሜራም ምስል ወደ ክላውድ የሚልክ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ያደርጋል።

መፍትሔው ለተመልካቾች የተለየ የእንግዳ ኔትወርክ ከፍቶ ገደብ ማበጀት ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ Guest Network፣ QoS ወይም Bandwidth Control የሚሉትን ይፈልጉ። ለምሳሌ ሲለኩት ገቢው 20 ሜጋቢት፣ ወጪው 4 ሜጋቢት ከሆነ ለእንግዶች በድምሩ 5 ገቢና 1 ወጪ ይበቃል። ራውተርዎ መገደብ የማይችል ከሆነ ደግሞ በውድድሩ ሰዓት ለተመልካች ዋይፋይ አይስጡ፤ በግልጽ ከተነገረው የሚቀየም ሰው ጥቂት ነው። ገደቡን ካደረጉ በኋላ ቪዲዮ የሚጭነውን ስልክ የእንግዳው ኔትወርክ ላይ አድርገው ሙከራውን ይድገሙት፤ ፒንጉ ከ100 በታች ከቆየ ዝግጁ ነዎት።

መስመሩ ራሱ ቢቋረጥስ? የሞባይል ዳታ ያለው ስልክ አዘጋጁና ሆትስፖቱን በተጫዋቾቹ ዋይፋይ ስም፣ የይለፍ ቃልና የደህንነት ዓይነት አስተካክሉት፣ ነገር ግን አይክፈቱት። ችግር ሲመጣ ራውተሩን አጥፍተው ሆትስፖቱን ሲከፍቱ ስልኮቹ ያለ አዲስ የይለፍ ቃል ይገባሉ። ሆትስፖት በአንድ ጊዜ የሚቀበለው የስልክ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ስምንት መቀበሉን አስቀድመው ይሞክሩ።

ቻርጅ

እየተጫወቱ ቻርጅ ማድረግን ይከልክሉ። ጌሙ ስልኩን ያሞቀዋል፣ ቻርጁ ሙቀት ይጨምርበታል፤ ስልኩም ራሱን ለማዳን ፕሮሰሰሩን ያዘገያል፣ ስክሪኑንም ያደበዝዛል። ተጫዋቹ «ዋይፋዩ ነው» ብሎ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ጌሙ የሚያሳየው ፒንግ ዝቅተኛ ሆኖ ምስሉ ከተንቀራፈፈ ስልኩ ሞቋል ማለት ነው። የስልኩን ከለላ አውልቆ ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ይጠቅማል።

ቻርጅ የሚደረገው በጨዋታዎች መሐል፣ ዳኛው በሚያየው አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። በእኔ አስተያየት ብዙ ቀዳዳ ካለው አንድ የዩኤስቢ ቻርጀር ይልቅ ጥሩ ማከፋፈያ ዘርግቶ እያንዳንዱ የራሱን ቻርጀር እንዲያመጣ ማድረግ ይሻላል። ባለብዙ ቀዳዳው ላይ የተጻፈው ዋት ለሁሉም የሚከፋፈል ነው፤ ብዙ ስልክም ፈጣን ቻርጅ የሚቀበለው ከራሱ ቻርጀር ነው። ስምንት ቻርጀር በ25 ዋት 200 ዋት ነው፤ ለአንድ ደህና ማከፋፈያ ቀላል ጭነት ነው። የውኃ ማፍያ ብቻውን 2000 ዋት ሊወስድ ስለሚችል ግን እዚያው ላይ አይሰኩት፤ ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይም አይቀጥሉ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ቻርጅ አይደረግም።

መብራት ቢጠፋ ስልኮቹ ባትሪ አላቸው፣ ራውተሩ ግን የለውም። ለራውተር የሚሸጠውን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ቮልቴጁ ከራውተሩ አስማሚ ጋር አንድ መሆኑን አይተው ይግዙ። በፋይበር የሚጠቀሙ ከሆነ የፋይበሩ ሳጥንም ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ራውተሩ በርቶ እሱ ከጠፋ ኢንተርኔት የለም።

ሕጉ

በአንድ ገጽ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። አሥር ደቂቃ የዘገየ በፎርፌ ይሸነፋል፣ ሁሉም በራሱ አካውንት ይጫወታል፣ ጌሙን ከዋዜማው አዘምኖ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ ስምንት ስልክ አንድ ላይ ማዘመን ሲጀምር ግን ውድድሩ ይቆማል።

ሁሉም ስልክ የአውሮፕላን ሞድ ላይ ሆኖ ዋይፋዩ ብቻ ይከፈት። ይህ የሚደወል ስልክ ጨዋታውን እንዳያቋርጥ ያደርጋል፤ ዋይፋዩ ትንሽ ሲደክም ስልኩ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ ዘልሎ ከጌሙ እንዳይወጣም ይከላከላል።

ስለ መቋረጥ የሚደነግገው ሕግ ከሁሉ በላይ ግልጽ መሆን አለበት። እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው፦ ዳኛው መጀመሪያ ሌሎቹን ጨዋታዎች ያያል። ሌሎቹም ከቆሙ ጥፋቱ የኔትወርኩ ነው፤ አንዱ ብቻ ከወጣ የስልኩ ነው። ለምሳሌ ጨዋታው 2 ለ 1 ሆኖ በ62ኛው ደቂቃ በኔትወርክ ቢቋረጥ፣ አዲስ ሩም ተከፍቶ ውጤቱ እንደያዘ የቀረው 28 ደቂቃ ብቻ ይጫወታሉ፤ የጌሙ ሰዓት 28 ሲል ዳኛው ያስቆማል። የአንዱ ስልክ ከሆነ አንድ ጊዜ በዚሁ መንገድ ይፈቀድለታል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከወጣ ይሸነፋል። አንድ ጊዜ የሚፈቀደው ያላጠፋ ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ ሁለተኛው የሚከለከለው እየተሸነፈ ያለ ሰው ዋይፋዩን ማጥፋት እንዳያዋጣው ነው። ውጤት የሚመዘገበው ሁለቱም ተጫዋቾች ስክሪናቸውን ለዳኛው ሲያሳዩ ነው።

ሽልማቱ

ሽልማቱን ከምዝገባው በፊት በቁጥር ያሳውቁ፤ «እንደ ተመዝጋቢው ብዛት» የሚል ማስታወቂያ ክርክር ይወልዳል። ከተጫዋቾች መግቢያ ተሰብስቦ ለአሸናፊ የሚከፈል ገንዘብ በብዙ አገር ከቁማር ሕግ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል መግቢያውን ነጻ አድርጎ ሽልማቱን ሱቁ ቢያወጣው ይሻላል። የጌሙ ባለቤት ድርጅትም ለእንዲህ ያሉ ውድድሮች የራሱ ደንብ ካለው ድረ ገጹ ላይ ያንብቡት።

ለሱቅ የሚያዋጣው የዕቃ መግዣ ኩፖን ነው፤ ለተሸላሚው ሙሉ ዋጋ አለው፣ እርስዎን የሚያስወጣዎት ግን ዕቃውን የገዙበትን ያህል ብቻ ነው። ለአንደኛ 50፣ ለሁለተኛ 30፣ ለሦስተኛ 20 በመቶ ቢከፋፈል የደረጃ ጨዋታውም ትርጉም ይኖረዋል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ግማሹ ተጫዋች ይወድቃል፤ ከሽልማቱ ላይ ትንሽ ቀንሰው ለወደቁት ስምንት የፍጻሜውን ውጤት በትክክል ለሚገምት የሚሰጥ አንድ ሽልማት ቢያዘጋጁ እስከ መጨረሻው ይቆያሉ። ኩፖኑ ቀድሞ ተጽፎና ማኅተም ተደርጎበት ይቀመጥና ፍጻሜው እንዳለቀ እዚያው ይሰጥ።